ጥገኛ ምንጭ ባለበት ሰርኪት ሎዱ የሚያየው ሬዚስታንስ፦ 1.67፣ 2 ወይስ 1 ኪሎ ኦም?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዳማ የኤሌክትሪካል ምህንድስና 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የ20 ቮልት ምንጭ በ10 ኪሎ ኦም (R1) አልፎ አንድ ኖድ ላይ ይደርሳል። ከኖዱ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም (R2) አለ። በR1 ወደ ኖዱ የሚሄደው ከረንት i ሲባል፣ አንድ ጥገኛ የከረንት ምንጭ ከግራውንድ ወደ ኖዱ 4i ያስገባል። ሎዱ 3 ኪሎ ኦም ነው፤ በኖዱና በግራውንድ መካከል ይገባል። የቴቬኒን ሬዚስታንስ ስፈልግ ምንጮቹን በሙሉ አጥፍቼ 1.67 ኪሎ ኦም አገኘሁ። ጓደኛዬ ሾርት አድርጎ 2 ኪሎ ኦም አገኘ። የመልስ ወረቀቱ ግን 1 ኪሎ ኦም ይላል። ማናችን ነን የተሳሳትነው?»

ምላሽ፦

የመልስ ወረቀቱ ትክክል ነው። የእርስዎም ሆነ የጓደኛዎ ቁጥር በመደመርና በማካፈል ረገድ ጉድለት የለበትም፤ ሁለታችሁም የሳታችሁት ጥገኛው ምንጭ በየሁኔታው ምን እያደረገ እንደሆነ ሳትጠይቁ በማለፋችሁ ነው። ይሁንና የሳታችሁበት መንገድ ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ማየት ይሻላል።

ከእርስዎ ልጀምር። ሬዚስታንስ በሚፈለግበት ጊዜ ነጻ ምንጮች እንደሚጠፉ ሁሉም ተማሪ ያውቃል፤ ለምን እንደሚጠፉ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ከሁለት ተርሚናሎች ወደ ውስጥ ሲታይ «ሬዚስታንሱ ስንት ነው?» ማለት፣ በተርሚናሎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በትንሹ ቢለወጥ የሚገባው ከረንት በምን ያህል ይለወጣል ማለት ነው። የ20 ቮልቱ ምንጭ በተርሚናሎቹ ላይ ምንም ቢደረግ 20 ቮልት እንደሆነ ይቀራል። በለውጡ ውስጥ ድርሻ ስለሌለው ለውጡን ብቻ ስናሰላ በዜሮ ቮልት፣ ማለትም በሽቦ፣ ልንተካው እንችላለን። ጥገኛው ምንጭ ግን እንዲህ አይደለም። የኖዱ ቮልቴጅ ከፍ ሲል በR1 የሚያልፈው i ይቀንሳል፣ i ሲቀንስ ደግሞ 4i አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥገኛው ምንጭ ለለውጡ መልስ ከሚሰጡት አንዱ፣ በዚህ ሰርኪት ውስጥ እንዲያውም ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል። እሱን አጥፍተው R1ንና R2ን በትይዩ ሲያስሉ ያገኙት 1.67 ኪሎ ኦም፣ ጥገኛው ምንጭ ጨርሶ የሌለበት የሌላ ሰርኪት ሬዚስታንስ ነው።

ይህ ግራ መጋባት ከታሪክም የመጣ ይመስለኛል። ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ሌዮን ሻርል ቴቬኒን ውጤቱን በ1883 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም በፊቱ የነበሩት ባትሪዎችና ሽቦዎች ነበሩ። ጥገኛ ምንጭ የቫኪዩም ቱቦን፣ ኋላም የትራንዚስተርን ባሕርይ ለመግለጽ የመጣ ሞዴል ነው። «ምንጮቹን አጥፋ» የሚለው አጭር አባባል ለቀድሞው ዓይነት ሰርኪት ይበቃ ነበር፤ ለኋለኛው ግን «ነጻ ምንጮቹን ብቻ» የሚለው ካልተጨመረበት ያሳስታል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቮልትን በኪሎ ኦም ስናካፍል ሚሊ አምፔር ስለምናገኝ፣ ከዚህ በታች ከረንቱ ሁሉ በሚሊ አምፔር፣ ሬዚስታንሱ ሁሉ በኪሎ ኦም ነው። በመጀመሪያ ሎዱን አውጥተን የኖዱን ቮልቴጅ እንፈልግ። ወደ ኖዱ የሚገባው ከR1 የሚመጣው i እና ከጥገኛው ምንጭ የሚመጣው 4i ሲሆን፣ መውጫው R2 ብቻ ነው። ስለዚህ የኪርሆፍ የከረንት ሕግ የመጀመሪያውን መስመር ይሰጠናል። ሁለተኛው መስመር i ራሱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

```
i + 4i = V/2        →  V = 10·i
i = (20 − V)/10     →  20 − V = 10·i
V = 10 V ,  i = 1 mA
```

ስለዚህ የቴቬኒን ቮልቴጅ 10 ቮልት ነው። እዚህ ላይ ሦስታችሁም ትስማማላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጓደኛዎ የተጠቀመበት የሾርት ሰርኪት ዘዴ ራሱ ትክክለኛ ነው። ኖዱ ከግራውንድ ጋር በሽቦ ሲገናኝ በR2 ላይ ቮልቴጅ ስለማይኖር R2 ከረንት አይወስድም፤ ወደ ኖዱ የሚገባው i + 4i ሙሉ በሙሉ በሽቦው ያልፋል። ጓደኛዎ እዚህ ድረስ በትክክል መጥቶ፣ ቀደም ሲል ያገኘውን i = 1 ሚሊ አምፔር አስገብቶ የሾርት ከረንቱ 5 ሚሊ አምፔር ነው ብሏል፤ 10 ለ5 ሲካፈልም 2 ኪሎ ኦም ሆነለት። ነገር ግን 1 ሚሊ አምፔር ኖዱ 10 ቮልት በነበረበት ጊዜ የነበረ ከረንት ነው። ኖዱ ዜሮ ቮልት ሲሆን በR1 ጫፎች መካከል ያለው 20 ቮልት በሙሉ ስለሆነ i ወደ 2 ሚሊ አምፔር ያድጋል።

```
i = (20 − 0)/10 = 2 mA
Isc = i + 4i = 10 mA
Rth = 10 V / 10 mA = 1 kΩ
```

i ሳይለወጥ ቀርቷል ተብሎ ሲሰላ፣ በR1 በኩል የሚመጣውም ሆነ ከጥገኛው ምንጭ የሚመጣው ከረንት ቋሚ የከረንት ምንጭ ሆኖ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ከተርሚናሎቹ የሚታየው R2 ብቻ ስለሚሆን፣ በዚህ ሰርኪት ውስጥ ይህን ስህተት የሠራ ሰው ሁልጊዜ የR2ን ዋጋ ያገኛል። R2 3.3 ኪሎ ኦም ቢሆን ኖሮ ጓደኛዎ 3.3 ያገኝ ነበር። የቴቬኒን ሬዚስታንሳችሁ በወረቀቱ ላይ ካለው ከአንዱ ሬዚስተር ጋር በትክክል እኩል ሆኖ ሲመጣ፣ መቆጣጠሪያውን ከረንት በአዲሱ ሁኔታ እንደገና አስልታችሁት እንደሆነ ተመልሳችሁ እዩ።

እኔ ራሴ ጥገኛ ምንጭ ባለበት ሰርኪት ውስጥ የማዘወትረው ሦስተኛውን መንገድ፣ የመሞከሪያ ምንጭን ነው። ነጻው የ20 ቮልት ምንጭ በሽቦ ይተካል፤ ጥገኛው ምንጭ ባለበት ይቀመጣል፤ ከዚያ በሎዱ ቦታ የ1 ቮልት ምንጭ ገብቶ ከዚህ ምንጭ ወደ ኖዱ የሚገባው ከረንት ይሰላል። 1 ቮልት የመረጥኩት ለምቾት ብቻ ነው፤ ሰርኪቱ ሊኒየር ስለሆነ 7 ቮልትም ያው ሬዚስታንስ ይሰጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ምልክቱ ላይ ነው። የi ቀስት በጥያቄው ውስጥ ከምንጩ ወደ ኖዱ እንዲያመለክት ስለተሣለ፣ ስሌቱ ምንም ያህል የተለየ ቢሆን ቀስቱ እንደዚያው መቆየት አለበት። አሁን በግራ በኩል ዜሮ፣ በኖዱ በኩል 1 ቮልት ስላለ ከረንቱ ከቀስቱ በተቃራኒ ይሄዳል፤ i ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ጥገኛው ምንጭ «ወደ ኖዱ 4i ያስገባል» የተባለው በተግባር ከኖዱ ከረንት ይወስዳል።

```
i = (0 − 1)/10 = −0.1 mA
Itest + i + 4i = 1/2
Itest = 0.5 + 0.1 + 0.4 = 1.0 mA
Rth = 1 V / 1.0 mA = 1 kΩ
```

በሦስተኛው መስመር ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ለየብቻ ያንብቧቸው፤ ስህተትዎ የተደበቀው እዚያ ነው። 0.5 የR2 ድርሻ፣ 0.1 የR1 ድርሻ፣ 0.4 የጥገኛው ምንጭ ድርሻ ነው። እርስዎ የመጨረሻውን ስላጠፉት 0.6 ቀረልዎት፤ 1 ለ0.6 ሲካፈል ደግሞ ያንኑ 1.67 ይሰጣል። R1ና ጥገኛው ምንጭ በአንድ ላይ 0.5 ሚሊ አምፔር መውሰዳቸው ሌላም ነገር ያሳያል፦ ከሎዱ በኩል ሲታዩ ሁለቱ ተጣምረው እንደ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይሠራሉ፤ ይኸውም 10 ኪሎ ኦም ለ(1 + 4) ሲካፈል ማለት ነው። ይህ 2 ኪሎ ኦም ከR2 ጋር በትይዩ ሲሆን 1 ኪሎ ኦም ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ኤሚተር ፎሎወር የሚባለውን የትራንዚስተር ሰርኪት ሲማሩ፣ በቤዝ በኩል ያለው ሬዚስታንስ ከኤሚተር ሲታይ ለ(β + 1) ተካፍሎ እንደሚታይ ይነገርዎታል። ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ በእርስዎ ጥያቄ ውስጥ β 4 ሆኖ ተሰጥቷል ማለት ብቻ ነው። እውነተኛ ትራንዚስተር ግን በቤዝና በኤሚተር መካከል 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚይዝና የራሱ አነስተኛ ሬዚስታንስ ስላለው ቁጥሩ በትንሹ ይለያያል።

የሾርትና የመሞከሪያ ምንጭ መንገዶች ወደ አንድ ቁጥር መድረሳቸው ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ የi ቀስት መጀመሪያውኑ ተገልብጦ ከተነበበ ሁለቱም በአንድነት ሊሳሳቱ ይችላሉ። የተሻለው ማረጋገጫ ሎዱን በዋናው ሰርኪት ላይ አስገብቶ፣ አቻውን ሰርኪት ሳይጠቀሙ በቀጥታ ማስላት ነው። R2ና 3 ኪሎ ኦሙ ሎድ በትይዩ 1.2 ኪሎ ኦም ናቸው፤ በእነሱ የሚያልፈው 5i ነው፤ ስለዚህ V = 6i ይሆናል። ከ20 − V = 10i ጋር ሲገናኝ i = 1.25 ሚሊ አምፔር፣ V = 7.5 ቮልት ይሰጣል። በአቻው ሰርኪት ደግሞ 10 ቮልት ለ(1 + 3) ኪሎ ኦም ተካፍሎ 2.5 ሚሊ አምፔር፣ በሎዱ ላይም 7.5 ቮልት ይሆናል። የእርስዎ ሬዚስታንስ 6.43 ቮልት፣ የጓደኛዎ 6 ቮልት ይተነብያሉ። በፈተና ላይ ሁለት ደቂቃ ካለዎት ለዚህ ማረጋገጫ ያውሉት።

የቀስቱ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ጥገኛው ምንጭ ቢገለበጥና 4i ከኖዱ ወደ ግራውንድ ቢወስድ ምን እንደሚሆን ልናይ ይገባል፤ ምክንያቱም የቴቬኒን አቻ ገደብ በጉልህ የሚታየው እዚያ ነው። በመሞከሪያው ስሌት ውስጥ የጥገኛው ምንጭ ድርሻ ምልክቱን ስለሚቀይር 0.5 + 0.1 − 0.4 = 0.2 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ሬዚስታንሱም 5 ኪሎ ኦም። ያለ ሎድ የሚገኘው ቮልቴጅ ደግሞ −30 ቮልት ነው፤ ከ20 ቮልት ምንጭ 30 መገኘቱ አያስደንግጥዎ፣ ጥገኛ ምንጭ ኃይል የሚያመነጭ አካል ነው። አሁን እጥፉን ከ4 ወደ 6 ከፍ ያድርጉት፤ 0.6 − 0.6 ዜሮ ይሆናል። 1 ቮልት ተሰጥቶ ምንም ከረንት አይገባም፤ ሬዚስታንሱ ወሰን የለሽ ነው። ያለ ሎድ የሚኖረውን ቮልቴጅ ለማስላት ቢሞክሩ 20 + 10i = 10i የሚል ሊሆን የማይችል እኩልታ ላይ ይደርሳሉ። የተሳሳቱ ይመስልዎታል፤ ግን አልተሳሳቱም። ይህ ሰርኪት የቴቬኒን አቻ የለውም፤ የኖርተን አቻ ግን አለው፤ እሱም መጠኑ 10 ሚሊ አምፔር የሆነ፣ ምንም ትይዩ ሬዚስተር የሌለው፣ ከኖዱ ወደ ግራውንድ የሚወስድ የከረንት ምንጭ ነው።

እጥፉ ወደ 7 ሲያልፍ የመሞከሪያው ከረንት −0.1 ሚሊ አምፔር ስለሚሆን ሬዚስታንሱ −10 ኪሎ ኦም ይመጣል። ተማሪዎች ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ሲያገኙ ምልክቱን ዝም ብለው ይሰርዙታል። እንዲህ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። ጥገኛ ምንጭ በሌለበት፣ ሬዚስተሮች ፖዘቲቭ በሆኑበት ሰርኪት ኔጌቲቭ ውጤት ከመጣ በእርግጥ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ጥገኛ ምንጭ ሲኖር ግን ኔጌቲቩ ቁጥር ሰርኪቱ በተርሚናሎቹ በኩል ኃይል ሊሰጥ እንደሚችል የሚናገር እውነተኛ ውጤት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምሳሌ ላይ የ10 ኪሎ ኦም ሎድ ቢገባ −10 + 10 ዜሮ ስለሚሆን በወረቀት ላይ መልስ አይኖርም፤ በተግባር ደግሞ ጥገኛውን ምንጭ የሚሠራው ኦፕ አምፕ ወይም ትራንዚስተር ከሊኒየር ክልሉ ይወጣል።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው፣ የ20 ቮልቱ ምንጭ ባይኖርና በቦታው ሽቦ ብቻ ቢኖር፣ ያለ ሎድ ቮልቴጁም የሾርት ከረንቱም ዜሮ ስለሚሆኑ የጓደኛዎ ዘዴ ዜሮ ለዜሮ ይሰጣል። ያን ጊዜ የመሞከሪያ ምንጭ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አቻውም ባዶ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ሁለተኛው፣ ሰርኪቱን የምንቆርጥበት ቦታ ነው። ጥገኛው ምንጭና የሚቆጣጠረው ከረንት ወይም ቮልቴጅ ከመቁረጫው በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። ምንጩ በግራ፣ i ግን በሎዱ ውስጥ ካለ አንድ ቅርንጫፍ የሚለካ ከሆነ፣ ግራው ብቻውን አቻ አይኖረውም፤ ሎዱ ሲቀየር ምንጩም አብሮ ይቀየራልና። ብቸኛው ልዩ ሁኔታ መቆጣጠሪያው የተርሚናሎቹ ራሳቸው ቮልቴጅ ወይም ከረንት ሲሆን ነው፤ እሱ ከሁለቱም ወገን ይታያል።

ስሌቱን በኮምፒውተር ለማየት ከፈለጉ ngspice በነጻ ይገኛል። በስፓይስ ውስጥ የከረንት መቆጣጠሪያ የሚነበበው በቮልቴጅ ምንጭ በኩል ስለሆነ፣ ከR1 በፊት የዜሮ ቮልት ምንጭ (Vx) ገብቷል፤ በሰርኪቱ ላይ ለውጥ አያመጣም።

```
* Thevenin
Vs 1 0 20
Vx 1 2 0
R1 2 3 10k
R2 3 0 2k
F1 0 3 Vx 4
.tf V(3) Vs
.end
```

`.tf` የሚለው ትእዛዝ ጥገኛውን ምንጭ ሳያጠፋ የውጤቱን ሬዚስታንስ 1000 ኦም፣ የቮልቴጁን ጥምርታ 0.5 አድርጎ ያወጣል፤ 0.5 በ20 ቮልት ሲባዛ 10 ቮልት ነው። የF1 ሁለት ቁጥሮች ቅደም ተከተል የቀስቱን አቅጣጫ ይወስናል። `0 3` ማለት ከግራውንድ ተነሥቶ ወደ ኖድ 3 ማለት ስለሆነ፣ `3 0` ብለው ቢጽፉ ከላይ ያየነውን የተገለበጠ ሰርኪት፣ 5000 ኦሙን ያገኛሉ።

በላቦራቶሪ ውስጥ ግን የጓደኛዎን የሾርት ዘዴ አልመክርም። ጥገኛው ምንጭ በትራንዚስተር ወይም በኦፕ አምፕ የተሠራ እንደመሆኑ፣ ውጤቱ በሽቦ ሲዘጋ መሣሪያው ከረንቱን መገደብ ይጀምራል ወይም ይሞቃል፤ ሚተሩ የሚያሳየው ቁጥርም የሊኒየሩን ሰርኪት አይወክልም። በዚህ ፈንታ ያለ ሎድ አንድ ጊዜ፣ በሎድ አንድ ጊዜ ቮልቴጁን ይለኩና በሚከተለው ያስሉ።

```
Rth = RL · (Voc − VL) / VL
    = 3 kΩ · (10 − 7.5) / 7.5 = 1 kΩ
```

ሎዱ ከሚጠበቀው ሬዚስታንስ እጅግ የበለጠ ከሆነ Voc እና VL ተቀራርበው ልዩነታቸው በሚተሩ ስህተት ውስጥ ይጠፋል፤ 100 ኪሎ ኦም ሎድ እዚህ ላይ ቮልቴጁን በ0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው የሚያወርደው። 1 ወይም 3 ኪሎ ኦም ተስማሚ ነው። አዳማ ሱቆች ውስጥ ከሚያገኟቸው ሬዚስተሮች ወርቃማ ቀለበት ያላቸው እስከ 5 ከመቶ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ RLን ከመግጠምዎ በፊት በሚተር ለክተው ትክክለኛውን ዋጋ በቀመሩ ውስጥ ያስገቡ።

አቻው ሰርኪት ለሎዱ እንጂ ለውስጡ እውነት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ሎዱ ሲወጣ በአቻው 1 ኪሎ ኦም ውስጥ ምንም ከረንት ስለማያልፍ የሚባክነው ኃይል ዜሮ ነው። በዋናው ሰርኪት ግን በዚያው ጊዜ R1 10 ሚሊ ዋት፣ R2 50 ሚሊ ዋት ያባክናሉ፤ ከዚህ 60 ውስጥ 20ውን የሚሰጠው የ20 ቮልቱ ምንጭ ሲሆን፣ ቀሪውን 40 የሚያቀርበው ጥገኛው ምንጭ ነው። የትኛው ሬዚስተር ስንት ዋት መቻል እንዳለበት ሲጠየቁ ወደ ዋናው ሰርኪት ይመለሱ።